ፊት ሳይጠፋ የቤተሰብ ፎቶን የውሃ ቀለም ሥዕል ማድረግ

እንደ ቻትጂፒቲና ጀሚናይ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች የቤተሰብን ፎቶ ወደ ሥዕል የሚቀይሩት ከፎቶው ጋር በሚላክላቸው የጽሑፍ ትእዛዝ፣ ማለትም በፕሮምፕት፣ እየተመሩ ነው። «ይህን ፎቶ ወደ ውሃ ቀለም ሥዕል ቀይረው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሲላክላቸው ብዙውን ጊዜ ያማረ ሥዕል ይመልሳሉ። ልብሱ፣ አቀማመጡ፣ የክፍሉ ዕቃ ሁሉ በቦታው ነው። ሰዎቹ ግን ሌሎች ሆነው ይገኛሉ። አያት በሃያ ዓመት ያንሳሉ፣ ልጆቹ መንታ ይመስላሉ፣ የአባትየው ፊት የማንም ሊሆን ይችላል።

ይህ የሚሆነው መሣሪያው በፎቶው ላይ ቀለም ስለማይቀባ ነው። ፎቶውን ያይና ሌላ ምስል እንደ አዲስ ይሠራል። ፊት ሲሠራ ከፎቶው ያገኘውን መረጃ በሥልጠናው ጊዜ ካያቸው እጅግ ብዙ ፊቶች ከቀሰመው ልማድ ጋር ያዋህዳል። ከፎቶው የሚያገኘው ባነሰ መጠን ልማዱ ያይላል፣ ፊቱም ወደ አማካይ መልክ ይሳባል። በዚያ ላይ የውሃ ቀለም በባሕርዩ ዝርዝርን የሚተው አሣሣል ነው። ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ጥላ ወደ አንድ የቀለም እድፍ ይጠቃለላል። ሰው የሚለየው ደግሞ በዝርዝሩ ነው። ስለዚህ ያቺ አንድ መስመር ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ታዛለች። የጥሩ ፕሮምፕት ዋና ሥራ ሁለቱን በቦታ መለየት ነው፤ ፊት ላይ ዝርዝሩ ይጠበቅ፣ ከፊት ውጭ ቀለሙ እንደልቡ ይፍሰስ ብሎ መደልደል።

ቃል ከመመረጡ በፊት ግን ፎቶው መታየት አለበት። በፎቶው ላይ በደንብ ያልታየን ፊት የትኛውም ቃል አያድነውም። ስቴብል ዲፊውዥን የተባለው ታዋቂ ሞዴል ለምሳሌ ምስሉን ከመሥራቱ በፊት በቁመትም በወርድም ስምንት ጊዜ አሳንሶ ይጨምቀዋል። አርባ ፒክስል ስፋት ያለው ፊት በዚያ ጭምቅ ውስጥ በወርዱ የሚይዘው አምስት ነጥብ ያህል ብቻ ነው። በአምስት ነጥብ ወርድ የዓይንን ቅርጽ ከቅንድብ መለየት ያስቸግራል፤ የጎደለውን ልማድ ይሞላዋል። ስለዚህ ከመላክ በፊት ትርፍ ጣሪያና ወለል ተቆርጦ ፊቶቹ ጎላ እንዲሉ ይደረጋል። ፎቶው በቴሌግራም ከመጣም እዚያ ላይ ተጨምቆ ከደረሰው ቅጂ ይልቅ በፋይል መልክ የተላከው ይመረጣል።

አንድ ፎቶ ይዞ ነገሩን በተግባር ማየት ይቻላል። ፎቶው በበዓል ቀን ሳሎን ውስጥ በስልክ የተነሣ ነው። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ፊት ለፊት ይታያል። ከግራ ወደ ቀኝ አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አያት ነጠላ ተከናንበዋል፤ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ። አባት መነጽር አድርገዋል፤ ሲስቁ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት ይታያል። እናት የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። ሹሩባ የተሠራች የአሥር ዓመት ልጅና በሳቅ ዓይኖቹ የጠበቡ ትንሽ ወንድሟ ከእናታቸው ጎን ናቸው።

በዚህ ፎቶ ላይ «ፊታቸውን አትቀይር» ማለት ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ መሣሪያው ፊትን ፊት የሚያደርገው ምን እንደሆነ አልተነገረውም። የተሻለው መንገድ የሚጠበቀውን ነገር በስሙ መጥራት ነው። የፊቱ ቅርጽና አገጭ፣ በዓይኖች መካከል ያለው ርቀት፣ የአፍንጫና የከንፈር ቅርጽ፣ የፀጉር መነሻ መስመርና ቅንድብ ይጠቀሳሉ። ቅንድብ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ፐርሴፕሽን በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ተሳታፊዎች የታዋቂ ሰዎችን ፊት ለመለየት ከዓይን ይልቅ ቅንድብ ሲጠፋባቸው የበለጠ እንደተቸገሩ አሳይቷል። የውሃ ቀለም አሣሣል ደግሞ በመጀመሪያ ከሚያሳሳቸው ነገሮች አንዱ ቅንድብ ነው።

ከጋራው ዝርዝር ቀጥሎ የእያንዳንዱ ሰው መለያ ይመጣል። ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ምልክት ይበቃል፤ ሰዎቹም ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ከተጠቀሱ ምልክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዛወርም። የአያት ንቅሳት በግልጽ መነገር አለበት። ካልተነገረ መሣሪያው እንደ ቆሻሻ ወይም እንደ ጥላ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። የፊታቸው መጨማደድም እንዲሁ ነው፤ ዕድሜ በቃል ካልተጠቀሰ ለስላሳው ቀለም ያለሰልሰዋል። እዚህ ላይ የሚጻፈው በፎቶው ላይ ያለው ብቻ ነው። «ቆንጆ»፣ «የሚያምር»፣ «ደስ የሚል» የሚሉ ቃላት ምንም ጉዳት የሌላቸው ቢመስሉም ፊቱን መሣሪያው ቆንጆ ብሎ ወደሚያውቀው መልክ ይጎትቱታል። የታዋቂ ሠዓሊ ወይም የካርቱን ስቱዲዮ ስም መጥራትም ተመሳሳይ ውጤት አለው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ቻትጂፒቲ አዲሱን የምስል መሥሪያ ሲያወጣ በጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ስልት የተሠሩ የቤተሰብ ሥዕሎች ማኅበራዊ ሚዲያውን አጥለቅልቀውት ነበር። ዓይንና አፍንጫው ከሰዎቹ ይልቅ የስቱዲዮውን ገጸ ባሕርያት ይመስል ነበር፤ ስልቱ ሲጠራ የፊት አሣሣሉም አብሮ ይመጣልና።

የፕሮምፕቱ ሁለተኛ ክፍል የቀለሙን ሥራ ይደለድላል። የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ሁለት መሠረታዊ መንገዶች አሏቸው። አንደኛው ወረቀቱን አርሶ ቀለሙ በላዩ እንዲንሸራሸር መተው ሲሆን ጠርዙ ደብዛዛ ይሆናል። ሌላው በደረቅ ወረቀት ላይ መቀባት ነው፤ ጠርዙ ጥርት ይላል። ለኋላ ግድግዳው፣ ለመጋረጃውና ለቄጤማው የመጀመሪያው፣ ለፊት ሁለተኛው ይታዘዛል። ከቀለሙ ሥር ቀጭን የእርሳስ መስመር እንዲታይ ማዘዝም ይጠቅማል፤ ዓይን፣ ቅንድብና አፍ በመስመሩ ይያዛሉ። ሁለቱ መንገዶች በእንግሊዝኛ መጠሪያቸው `wet-on-wet` እና `wet-on-dry` ተብለው በአማርኛው ትእዛዝ መካከል ቢጻፉ መሣሪያው በትክክል ይረዳቸዋል።

የቆዳ ቀለም ለብቻው አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። በውሃ ቀለም ብርሃን የሚገኘው ከወረቀቱ ንጣት ነው። ስለዚህ «ፈካ ያለ»፣ «ስስ»፣ «ለስላሳ ቀለም» የሚሉ ቃላት ለመላው ሥዕል ከተሰጡ የጠይም ሰው ፊት ይነጣል። የአምስቱ ሰዎች መልክ የተለያየ ከሆነም ሁሉም ወደ አንድ ቀለም ይቀራረባሉ። ጥንቃቄው ስስነቱን ለኋላው ብቻ መስጠትና የእያንዳንዱ ሰው ቆዳ በፎቶው ላይ ባለው ጥቁረትና ሙቀት እንዲቀባ መጻፍ ነው። ነጠላውን በተቃራኒው ለወረቀቱ ንጣት መተው ይቻላል፤ እጥፋቱ በስስ ግራጫ ጥላ፣ ጥለቱ በቀጭን ብሩሽ ይታዘዛል።

ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ለተጠቀሰው ፎቶ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ይህን ፎቶ በእጅ የተሣለ የውሃ ቀለም ሥዕል አድርገው። የሰዎቹን ቁጥር፣ አቀማመጥና እይታ እንዳለ ጠብቅ። የእያንዳንዱን ሰው የፊት ቅርጽ፣ የዓይን ርቀት፣ ቅንድብ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ የፀጉር መነሻና ዕድሜ በፎቶው ላይ እንዳለው ሣል። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጠላ የተከናነቡ አዛውንት ሴት፣ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት፣ ጥልቅ የፊት መስመሮች፤ መነጽር ያደረጉ፣ የፊት ጥርሳቸው ፍንጭት የሆነ ሰው፤ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ሴት፤ ሹሩባ የተሠራች የአሥር ዓመት ልጅ፤ እየሳቀ ዓይኖቹ የጠበቡ ትንሽ ልጅ። ፊቶቹን በ wet-on-dry፣ በቀጭን የእርሳስ መስመር ላይ፣ በጥርት ያለ ጠርዝ ሥራ። የቆዳቸውን ቀለም በፎቶው ላይ ካለው አታንጣ። ልብሱን ሰፋ ባለ ብሩሽ፣ ግድግዳውንና ቄጤማውን በስስ wet-on-wet ሥራ። ሸካራ የውሃ ቀለም ወረቀት ይታይ።»

የሚመጣው ሥዕል በመጀመሪያ እይታ መመዘን የለበትም፤ የቀለሙ ውበት ዓይንን ያታልላል። ፎቶውና ሥዕሉ ጎን ለጎን ይቀመጡና እያንዳንዱ ፊት ጎልቶ ለብቻው ይታያል። መጀመሪያ የሚታየው በቅንድብና በዓይን መካከል ያለው ክፍተት፣ ቀጥሎ የአገጩ ስፋት፣ ከዚያ የአፉ ማዕዘን ነው። ልጆች ላይ ዕድሜ ይፈተሻል፤ ዓይናቸው ከፎቶው ከተለቀ በዕድሜ ያነሱ መስለው ይታያሉ። እህትና ወንድም ተመሳሳይ አፍንጫ ካወጡ መሣሪያው አንዱን ፊት ለሁለቱም ተጠቅሟል ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ፈታኝ ግን ሰዎቹን የሚያውቅ፣ ፎቶውን ያላየ ዘመድ ነው። ሥዕሉ ብቻ ታይቶት ስማቸውን ሳያመነታ ከጠራ ሥራው ተሳክቷል።

እርማት ሲያስፈልግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጠየቃል። «የአያትን ፊት አስተካክል» ከማለት «የአዛውንቷ ሴት አገጭ በፎቶው ላይ ጠበብ ያለ ነው፣ እንደዚያ አድርገው» ማለት ይሻላል። የተሠራውን ሥዕል ደጋግሞ ማሳረም ግን አደጋ አለው። አንድ ነገር ብቻ ቢታዘዝም መሣሪያው ብዙ ጊዜ ምስሉን በሙሉ ስለሚሠራ ያልተነኩት ፊቶችም በየዙሩ በጥቂቱ ይሸሻሉ። ሁለት ወይም ሦስት እርማት ካልሠራ ወደ ዋናው ፎቶ ተመልሶ ፕሮምፕቱን ማረምና አዲስ ንግግር ከፍቶ መላክ ይሻላል። መሣሪያው የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ መርጦ ማረም የሚፈቅድ ከሆነ ያልተሳካው ፊት ብቻ ይመረጣል።

እንደ ስቴብል ዲፊውዥን ባሉ መሣሪያዎች ከቃሉ ሌላ ከ0 እስከ 1 የሚሄድ መለኪያ አለ። `denoising strength` ይባላል፤ ምስሉ ከፎቶው ምን ያህል እንዲርቅ እንደሚፈቀድ ይወስናል። ወደ 0.2 ሲጠጋ ፎቶው ፎቶ እንደሆነ ይቀራል፤ ከ0.7 ሲያልፍ የትኛውም ፕሮምፕት ፊቱን አይዘውም። ለቤተሰብ ፎቶ 0.4 አካባቢ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ማድረግ የተሻለ ነው።

ፊቱ ግማሹ በጥላ የተዋጠ፣ ወደ ጎን የዞረ ወይም ሲንቀሳቀስ የደበዘዘ ሰው በምንም ቃል ተመሳስሎ አይወጣም፤ መሣሪያው የማያየውን ክፍል ከልማዱ ይፈጥረዋል። በአንዳንድ መሣሪያዎች የዚያኑ ሰው ሌላ ጥርት ያለ ፎቶ አብሮ ልኮ «የሁለተኛው ሰው ፊት ከዚህ ፎቶ ይወሰድ» ማለት ይቻላል። ሌላ ፎቶ ከሌለ ያ ሰው በሥዕሉ ላይ ዝርዝሩ ተትቶ በጥቂት ብሩሽ እንዲጠቆም ማዘዝ ይሻላል፤ በሌላ ሰው ፊት ከመተካት ይልቅ በአቀማመጡና በልብሱ ይታወቃል።