«ባህሪው መጥፎ ነው» ማኅደር ውስጥ ሲገባ

በሥራ አፈጻጸም መገምገሚያ ቅጽ ላይ «ባህሪው መጥፎ ነው» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው የሚረዳው ኃላፊው መከፋቱን ብቻ ነው። ሠራተኛው ምን እንዳደረገ፣ መቼ እንዳደረገና ድርጊቱ ምን እንዳስከተለ ከጽሑፉ አይገኝም። እንዲህ ያለውን አስተያየት ሠራተኛው ማስተባበል አይችልም፤ ምን ማረም እንዳለበትም አያውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማኅደሩን የሚገልጥ ሌላ ኃላፊ ወይም ክርክሩ የቀረበለት ዳኛም የሚመዝነው ነገር አያገኝም። «ተነሳሽነት የለውም»፣ «ትእዛዝ አይቀበልም»፣ «ያኮርፋል»፣ «ሰው ይንቃል» የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው።

በ1941 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከበረራ ትምህርት ቤት የተሰናበቱ 1,000 ዕጩ አብራሪዎች የስንብት ምክንያት ሲመረመር የተገኘው ይኸው ነበር። አሠልጣኞቹ «ተፈጥሯዊ የመብረር ችሎታ የለውም»፣ «ጠባዩ አይመችም»፣ «በቂ መሻሻል አላሳየም» እያሉ ጽፈዋል። ከእነዚህ ቃላት ተነስቶ ቀጣዩን ዕጩ በተሻለ መንገድ መምረጥም ሆነ ማሠልጠን አልተቻለም። በጦር ሠራዊቱ የሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆን ፍላናገን ከዚህ ልምድ በመነሳት በ1954 እ.ኤ.አ. «ወሳኝ ክስተት» ሊባል የሚችለውን ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ። ዘዴው ከገምጋሚው የሚፈልገው አንድ የተወሰነ ድርጊት እንዲያነሳ፣ በምን ሁኔታ እንደተፈጸመና ምን እንዳስከተለ እንዲናገር ነው።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ለደፈናው አስተያየት ይሉኝታም ድርሻ አለው። ኃላፊው ቅሬታውን በጊዜው ፊት ለፊት አይናገርም፤ ስድስት ወር ሙሉ በሆዱ ይዞት ይቆይና ቅጹ ሲመጣ በአንድ ቃል ይዘረግፈዋል። ዝርዝሩ ያን ጊዜ ተረስቷል፤ የቀረው ቅሬታው ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ የግል አከፋፋይ ድርጅት የሚሠራ የመጋዘን ሠራተኛ ይታሰብ። ኃላፊው «ባህሪው መጥፎ ነው፤ ትእዛዝ አይቀበልም፣ ያኮርፋል፣ ሁልጊዜ ያረፍዳል፣ ከሰው ጋር አይግባባም» ብሎ ጽፎ ቅጹን ለሰው ኃይል ክፍል ይልካል። ባለሙያዋ ቅጹን ይዛ ወደ ኃላፊው ትሄዳለች እንጂ ቃላቱን በራሷ አታስተካክልም፤ ያላየችውን መጻፍ ፈጠራ ይሆናልና። ለእያንዳንዱ ቃል የምታነሳው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሠራተኛውን የማያውቅ እንግዳ ሰው በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምን ያይ፣ ምን ይሰማ ነበር?»

«ትእዛዝ አይቀበልም» የሚለው በዚህ ጥያቄ ሲፈተሽ ወደ አንድ ቀን ይወርዳል። ዕቃ ገብቶ ነበር፤ ሠራተኛው እንዲቆጥር ሲነገረው ትቶ ወጥቷል። ባለሙያዋ ቀኑን ከገቢ ደረሰኙ፣ የሥራውን ወሰን ከሥራ መዘርዝሩ ታመሳክራለች። በመጨረሻ ማኅደር ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ እንዲህ ይሆናል፦

«ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡30 ላይ የመጋዘን ኃላፊው የገቡትን 40 ካርቶኖች በዕለቱ ቆጥሮ እንዲረከብ ሠራተኛውን አዘዘው። ሠራተኛው ‹ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ› ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሁለት የመጋዘን ሠራተኞች በቦታው ነበሩ። ቆጥሮ መረከብ በሥራ መዘርዝሩ ተራ ቁጥር 3 ላይ ይገኛል። ካርቶኖቹ ሳይቆጠሩ አደሩ፤ በማግስቱ ጠዋት ሊላክ የነበረው የሁለት ደንበኞች ዕቃ ከሰዓት በኋላ ተላከ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እምቢተኛ» ወይም «ባለጌ» የሚል ቃል የለም። ሠራተኛው የተናገረው በራሱ አንደበት ተጽፏል፤ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት በመዘርዝሩ፣ ጉዳቱም በዘገየው ዕቃ ታይቷል። ፍርዱ ለአንባቢው ተትቷል።

«ያኮርፋል» የሚለው ይበልጥ ያስቸግራል፤ ኩርፊያ በፊት ላይ የሚነበብ ነገር ነው፣ የሰው ፊት ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ባለሙያዋ ስለዚህ የምትጠይቀው ባኮረፈ ጊዜ የትኛው ሥራ እንደቀረ ነው። ኃላፊው ጥቅምት 20 ቀን ከተቆጣው በኋላ ሠራተኛው ለሁለት ቀናት ከሽያጭ ክፍል ለቀረቡለት ሦስት የክምችት ጥያቄዎች መልስ አለመስጠቱ በስልክ መልእክቶቹ ላይ ይገኛል። የሚመዘገበው ይህ ነው። ምንም ሥራ ሳይጓደል ፊቱን አጥቁሮ ውሎ ቢሆን ኖሮ ግን የሚጻፍ ነገር ባልተገኘ ነበር።

«ሁልጊዜ ያረፍዳል» የሚለው በሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቡ ይፈተሻል። መዝገቡ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ማርፈዱን ካሳየ የሚጻፈው ሦስቱ ቀን ከነደቂቃው ነው፤ «ሁልጊዜ» ይሰረዛል። ቁጥሩ በሕግ ፊትም ዋጋ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የሚጠቅሰው፣ ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈዱን ነው። ያልተቆጠረና በጽሑፍ ያልተነገረ ማርፈድ ከዚህ አይደርስም። በዚሁ አንቀጽ መሠረት አሠሪው የማሰናበቻውን ምክንያት ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቋረጣል፤ ቀን የሌለው አስተያየት ይህን ጊዜ ለማስላትም አይረዳም።

«ከሰው ጋር አይግባባም» ሲመረመር ሠራተኛው ከባልደረቦቹ ጋር ቡና አለመጠጣቱና የቢሮውን ዕቁብ አለመግባቱ ብቻ ይወጣል። ይህ ከሥራው ጋር አይገናኝምና ማኅደር ውስጥ አይገባም። ወደሚታይ ድርጊት ሊለወጥ ያልቻለ አስተያየት፣ ወይም ተለውጦ ሥራውን የማይነካ ሆኖ የተገኘ፣ በለሰለሰ ቃል ተተክቶ አይቀመጥም፤ ይወጣል።

ድርጊቱ ከተዘረዘረ በኋላም ፍርድ ተመልሶ የሚገባባቸው ትናንሽ ቃላት አሉ። «በንቀት መለሰ»፣ «ሆን ብሎ ዘገየ»፣ «ግድ ሳይሰጠው ወጣ» ሲባል ጸሐፊው የሰውየውን ልብ እያነበበ ነው። «በንቀት መለሰ» የሚለው ወደ ተባለው ቃል፣ «ሆን ብሎ ዘገየ» የሚለውም ወደ ሰዓቱ ይመለሳል። «እንደሰማሁት» የሚል ነገር ደግሞ ያየው ሰው ራሱ እስኪናገር ድረስ ይቆያል።

ሌላው አደጋ አንዱን ሠራተኛ ብቻ ነጥሎ መመዝገብ ነው። ሌሎችም እያረፈዱ የእሱ ብቻ ከተጻፈ መዝገቡ የሚያሳየው የኃላፊውን አድልዎ ይሆናል። ስለዚህ ኃላፊው ጥሩውንም መጥፎውንም ለሁሉም ሠራተኞች፣ ነገሩ በተፈጸመ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይይዛል። እንዲህ ካልተያዘ ግምገማው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በታየው ላይ ብቻ ይመሠረታል።

ጽሑፉ ለሠራተኛው ተነቦለት የራሱ መልስ ሲታከልበት ምዝገባው ይጠናቀቃል። የመጋዘኑ ሠራተኛ «በዚያ ሰዓት የግዥ ክፍል ኃላፊ ሌላ ርክክብ ላይ እንድገኝ አዝዘውኝ ነበር» ቢል መልሱ በቃሉ ይጻፋል፤ የግዥ ኃላፊውም ይጠየቃሉ። እውነት ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ መልኩን ይለውጣል፦ ሠራተኛው የሚጠየቀው ሁለት ትእዛዝ መጋጨቱን ሳይናገር በመውጣቱ ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ በአንድ ሠራተኛ ላይ ሁለት አዛዥ ማቆሙን ያስተካክላል። በመጨረሻው መስመር የሚጠበቀው ለውጥ ይሰፍራል፦ «ትእዛዞች ሲጋጩ ከቦታው ከመውጣቱ በፊት ለመጋዘን ኃላፊው ይነግራል፤ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደገና ይታያል።» ሁለቱም ይፈርማሉ። የሠራተኛው ፊርማ ማንበቡን እንጂ መስማማቱን አያሳይም፤ ይህም ከፊርማው በላይ በግልጽ ይጻፋል።