ደረጃው ሥር የተዘረጋው ከበሮ

በእንግሊዝ አገር፣ ሃምፕሸር ውስጥ፣ ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። በ1795 ሲሠራ የድሆች መጠለያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻና በ1971 መጀመሪያ ላይ ሌድ ዜፕሊን የተባለው የሮክ ባንድ አራተኛ አልበሙን ሊሠራ ወደዚህ ቤት ገባ። ስቱዲዮው በመኪና ላይ የተገጠመ ተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ነበር። መኪናው ውጭ ይቆማል፣ ሙዚቀኞቹ ቤት ውስጥ ይጫወታሉ፣ ድምፁ በገመድ ወደ መኪናው ይሄዳል።

የቤቱ መግቢያ አዳራሽ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን ደረጃ የሚወጣበት ነው። ድራመሩ ጆን ቦንሃም ደረጃው ሥር ከበሮውን ይዞ ተቀመጠ። የድምፅ ባለሙያው አንዲ ጆንስ ደግሞ ሁለት ማይክሮፎን ወስዶ ከላይ፣ ከደረጃው ላይ አንጠለጠላቸው። ያን ቀን የተቀዳው ምት «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የተባለው ዘፈን መክፈቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሰባዎቹን የስታዲየም ሮክ ድምፅ ለማስረዳት የሚፈልግ ሰው ሁሉ ወደዚያ ደረጃ ይመለሳል።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት በዚያ ዘመን ከበሮ እንዴት ይቀዳ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ስቱዲዮዎች ለእያንዳንዱ ከበሮ የየራሱን ማይክሮፎን ማድረግ እየለመዱ ነበር። ማይክሮፎኑ ከቆዳው ጥቂት ጣት ራቅ ብሎ ይተከላል። (ቆዳ የምንለው በልማድ ነው እንጂ ፕላስቲክ ነው።) የአንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ክፍሉ በምንጣፍና በስፖንጅ ይሸፈናል። በእግር የሚመታው ትልቁ ቤዝ ድራም የፊት ቆዳው ይነሳና ሆዱ ውስጥ ትራስ ወይም ብርድ ልብስ ይጨመራል። የሚወጣው ድምፅ ንጹሕ ነው፤ ግን ደረቅና አጭር ነው፤ ካርቶን እንደ መምታት ያለ «ጥፕ» ብቻ።

ቦንሃም ይህን አይወድም ነበር። የእሱ የሉድቪግ ከበሮ ቤዝ ድራም ስፋቱ 26 ኢንች፣ ማለትም 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። አብዛኞቹ የሮክ ድራመሮች 22 ኢንች ይጠቀሙ ነበር፤ የጃዝ ተጫዋቾች ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ከላይ አንድ ቶም፣ በስተቀኝ መሬት ላይ የሚቆሙ ሁለት ትልልቅ ቶሞች፣ በጉልበቶቹ መካከል ደግሞ ብረት ገላ ያለው ስኔር ነበረው። መድረክ ላይ ከኋላው ቲምፓኒና ትልቅ ጎንግ ይጨመራሉ፤ የዘወትር መሣሪያው ግን ይኸው ነው። በቁጥር ሲታይ ብዙ አይደለም። የዘ ሁ ድራመር ኪት ሙን በሁለት ቤዝ ድራምና በረድፍ በተደረደሩ ቶሞች መካከል ይቀመጥ ነበር። የቦንሃም ከበሮዎች ግን ጥቂትና ትልልቅ ነበሩ።

ትልቅነቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቆዳው እንዴት እንደሚወጠርም አለ። ብዙ ሰው ወፍራም ድምፅ የሚፈልግ ከሆነ ቆዳውን ያላላል። የላላ ቆዳ ሲመታ ጉልበቱን ራሱ ይውጠዋል፤ ድምፁ ከቅርብ ወፍራም ይመስላል፣ አሥር እርምጃ ሲራቅ ግን ይጠፋል። ቦንሃም የላይኛውንም የታችኛውንም ቆዳ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ወጥሮ ይጫወት ነበር። የተወጠረ ቆዳ ይጮኻል፣ ይዘልቃል፣ ርቆ ይሄዳል። የወፍራምነቱን ነገር የሚችለው የከበሮው ስፋት ነው። ቤዝ ድራሙም ሁለቱም ቆዳዎች ስለነበሩት፣ ወደ ውስጥ የተገፋው አየር የፊተኛውን ቆዳ እየነዘረ ድምፁን ያስረዝመዋል። በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ያደገ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፦ አንዱን አፍ ስትመታው ሌላኛው አፍ አብሮ ካልተነፈሰ ከበሮው ዲዳ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ከበሮ ግን የሚተነፍስበት ቦታ ይፈልጋል። ማይክሮፎኑን ቆዳው ላይ ከደቀንከው የሚሰማህ የእንጨቱ ምት ብቻ ነው፤ ሙሉ ድምፁ ተሰብስቦ የሚገኘው ራቅ ብሎ ነው። ሄድሊ ግሬንጅ ላይ የሆነው ይህ ነው። ማይክሮፎኖቹ ከላይ ሆነው የሰሙት እያንዳንዱን ከበሮ ለብቻው ሳይሆን ከድንጋዩ ግድግዳና ከደረጃው ተመላልሶ የመጣውን አንድ ሙሉ ድምፅ ነበር። ባዶ የሕንፃ ደረጃ ላይ ቆሞ አንዴ ያጨበጨበ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቀዋል።

ጆንስ በዚህ ላይ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው ቢንሰን የተባለ የጣሊያን የኢኮ መሣሪያ ነው፤ የቤዝ ድራሙን ምት ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጥለዋል። ሁለተኛው ኮምፕረሰር ነው። ኮምፕረሰር ማለት የድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ሁልጊዜ እጁን ጭኖ እንደተቀመጠ ሰው ቁጠረው። ኃይለኛ ምት ሲመጣ ቶሎ ይቀንሰዋል፣ ምቱ ሲያልፍ መልሶ ይለቀዋል። በለቀቀው ጊዜ ከምቱ በኋላ የቀረው የክፍሉ ጉምጉምታ እየጎላ ይመጣል። ዘፈኑን በጥሩ ስፒከር ብታዳምጡት በየምቱ መካከል አዳራሹ ትንፋሽ ሲስብ ትሰማላችሁ። ጆሮ ትልቅነትን የሚለካው ደግሞ በዚያ ክፍተት ውስጥ በሚሰማው ነገር ነው።

ክፍተቱን የሠራው ግን የቦንሃም እጅና እግር ነው። መፍጠን አቅቶት አይደለም። በ1969 በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው «ጉድ ታይምስ ባድ ታይምስ» ላይ በአንድ እግርና በአንድ ፔዳል የተጫወተውን ሲሰሙ ብዙዎች ሁለት ቤዝ ድራም አለው ብለው ነበር። ደረጃው ሥር የተጫወተው ግን በደቂቃ 70 ምት ገደማ የሆነ ዝግ ያለ ነገር ነው። ቤዝ ድራሙ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወርዳል፣ ስኔሩ አንድ ጊዜ ይሰነጥቃል፣ ከዚያ ዝም። ስኔሩን የሚመታው ከተጠበቀው ሰዓት በጣም በጥቂቱ ዘግየት አድርጎ ነው፤ አድማጩ ክብደት የሚሰማው ከዚህ የተነሳ ነው። የተሸከመ ሰው እግሩን እንደሚያነሳ ዓይነት።

ይህ ዝግታ ስታዲየም ውስጥ ምን እንደሚጠቅም በቀላል ሂሳብ ማየት ይቻላል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ 73 ሜትር ርቆ ግድግዳ አለ እንበል። ምቱ ግድግዳው ጋ ደርሶ ለመመለስ 146 ሜትር ይጓዛል፤ ከአራት አሥረኛ ሴኮንድ ትንሽ ይበልጥ ይወስድበታል። በደቂቃ 70 ምት ከሆነ በአንዱ ምትና በቀጣዩ መካከል ከስምንት አሥረኛ ሴኮንድ በላይ አለ። እንግዲህ ማሚቶው የሚመለሰው በሁለቱ ምቶች መካከል፣ ባዶው ቦታ ላይ ነው፤ ሌላ ድራመር ያጀበ ይመስላል። አሁን ያንኑ ድራመር እጥፍ አፍጥነው፤ ማሚቶው በቀጥታ በሚቀጥለው ምት ላይ ይወድቃል። በምቶቹ መካከል ጣልቃ የሚገቡ ቁርጥራጭ ምቶችን ከጨመረ ደግሞ ከሩቅ የተቀመጠው ተመልካች የሚሰማው ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ነው። እውነተኛው ስታዲየም አንድ ግድግዳ ብቻ የለውም፤ ማሚቶው ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለክፍተት መተው የበለጠ ያስፈልጋል።

ሌላው ነገር ስፒከሩ ነው። በነሐሴ 1965 ቢትልስ ኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት ሲጫወቱ፣ የጩኸቱ ብዛት ራሳቸውን እንኳ እንዳይሰሙ አድርጓቸው ነበር። ሌድ ዜፕሊን በግንቦት 1973 ፍሎሪዳ ታምፓ ውስጥ ከ56 ሺህ በላይ ሰው ፊት ሲቀርብ ዘመኑ ተለውጦ ነበር፦ ከበሮው በማይክሮፎን ተይዞ በግንብ በተከመሩ ስፒከሮች ይወጣ ነበር።

ግን እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ማይክሮፎን ከፍተኛ ድምፅ ባለው ስፒከር አቅራቢያ ሲቆም የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይውጣል፤ ያም ተመልሶ ይወጣል፤ ጩኸት ይጀምራል። የማይታፈን፣ ረጅም ጊዜ የሚነዝር ከበሮ ደግሞ ስፒከሩ በለቀቀው ዝቅተኛ ድምፅ ራሱ ይነሳሳና ማንም ሳይመታው መጉመም ይጀምራል። የመድረክ ድምፅ ባለሙያ የሚያውቀው ምልክት ይህ ነው፦ ባንዱ ቆሞም ሥሩ ሳይቋረጥ የሚቀር «ሁም»። ለዚህ ነው በርካታ ባለሙያዎች በመድረክ ላይ ቤዝ ድራሙን በብርድ ልብስ ያፈኑትና ማይክሮፎኑን ወደ ቆዳው ያስጠጉት። ደረቁ ምት በስፒከር ይወጣል፣ ማሚቶውን ስታዲየሙ ራሱ ይጨምራል።

እንግዲህ ስታዲየምን ስታዲየም የሚያስመስለው የደረጃው አቀዳድ ለሸክላና ለካሴት የተሠራ ዘዴ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ለተቀመጠ አድማጭ የሌለውን አዳራሽ ያመጣለታል። ሌድ ዜፕሊን ራሱ ይህን ዘፈን በመድረክ ብዙ አልተጫወተውም፤ በ1975 ጥቂት ጊዜ ከሞከረው በኋላ ተወው። ቦንሃምን በመምሰል 26 ኢንች ከበሮ ገዝቶ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚዘረጋ ወጣትም ከዚሁ ነገር ጋር ይጋጫል። ዝቅተኛው ድምፅ ከአጭሩ ግድግዳ ወዲያው ይመለሳል፣ ክፍተቱን ይሞላዋል፣ ከበሮው ትልቅ ከመሆን ይልቅ ጭቃ ይሆናል። እዚያ የሚሻለው ያው ትንሹ ከበሮ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሳየው ግን በ1977 ኩዊን የቀዳው «ዊ ዊል ሮክ ዩ» ነው። መክፈቻው ላይ ከበሮ የለም። ሰዎች እግራቸውን ሁለት ጊዜ ይረግጣሉ፣ አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ ቀሪውን ዝም ይላሉ። የተቀዳው ለንደን ውስጥ፣ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በነበረ ዌሴክስ በተባለ ስቱዲዮ ነው። ፊዚክስ የተማረው ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ድምፁን ደጋግሞ እየደራረበ፣ እያንዳንዱን ድርብ በተለያየ መጠን ጥቂት እያዘገየ፣ ጥቂት ሰዎችን የሕዝብ ብዛት አስመሰላቸው። ዱም፣ ዱም፣ ቻ፣ ዝምታ። ቤዝ ድራም፣ ቤዝ ድራም፣ ስኔር፣ ክፍተት። ቦንሃም ደረጃው ሥር የሠራው ሥዕል ከበሮው ተነሥቶለትም ቆሟል። ዛሬ በየኳስ ሜዳው ሰው እያጨበጨበ የሚመታው እሱኑ ነው፤ ባዶው ቦታ ላይ ደግሞ ሜዳው ራሱ ይመልሳል።