ሁለቱ ማስታወቂያዎች 90 ሸጥን ይላሉ፤ መዝገቡ ግን 80 ነው

በአሜሪካ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ የሀበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በፌስቡክ፣ በኢንስታግራምና በጎግል ማስታወቂያ አስነገረች። የዚያ ሳምንት የሱቋ የትእዛዝ መዝገብ 80 ሽያጭ ያሳያል። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ግን 52ቱን ገዢዎች ያመጣሁት እኔ ነኝ ይላል። ጎግልም በማስታወቂያ ገጹ ላይ ለራሱ 38 ሽያጭ መዝግቧል። ሁለቱ ሲደመሩ 90 ይሆናሉ፤ ከተሸጠው ቀሚስ በ10 ይበልጣል። በዚህ ላይ የድረ ገጿን ጎብኚዎች የሚቆጥረው ጎግል አናሊቲክስ ያየው ሽያጭ በጠቅላላው 70 ብቻ ነው፤ ከእሱም ለሜታ 24፣ ለጎግል ማስታወቂያ 22 ይሰጣል፤ የቀረውን ለሌሎች መንገዶች ያካፍላል።

ቁጥሮቹን ለማብራሪያ እንዲመቹ ያስቀመጥናቸው እኛ ነን። ነገሩ ግን በኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚሠራ ነጋዴ ሁሉ የሚገጥመው ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚጠይቁት «የትኛው ነው የዋሸው?» ብለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የዋሸ የለም፤ እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ የተለያየ ነው። ቤት ሲሸጥ ገዢውን መጀመሪያ ያመጣው ደላላና መጨረሻ ላይ ያዋዋለው ደላላ ሁለቱም ኮሚሽን ይጠይቃሉ። ሁለቱም ሠርተዋል፤ ቤቱ ግን የተሸጠው አንድ ጊዜ ነው። ሜታም የጎግልን ድርሻ አያይም፣ ጎግልም የሜታን። ስለዚህ የነጋዴዋ ሥራ ቁጥሮቹን እኩል ማድረግ አይደለም። ከልዩነቱ ውስጥ የትኛው ከአቆጣጠር ስልት፣ የትኛው ከብልሽት እንደመጣ መለየት ነው።

መነሻው የትእዛዝ መዝገብ ነው

ከሁሉ በፊት አንድ የማይናወጥ ቁጥር ያስፈልጋል። እሱም ገንዘብ የገባበት ትእዛዝ ነው። ነጋዴዋ ከመዝገቧ ላይ የተሰረዙትን፣ ገንዘባቸው የተመለሰውንና ራሷ ለሙከራ ያደረገቻቸውን ግዢዎች ታወጣለች። የቀረው 80 ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚለካው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱን ታያለች። የማስታወቂያ ሒሳቡን የከፈተላት አዲስ አበባ ያለች እህቷ ስለሆነች ሒሳቡ የሚቆጥረው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው፤ አናሊቲክስ ግን በሜሪላንድ ሰዓት። በዚያ ወቅት በሁለቱ መካከል የ7 ሰዓት ልዩነት አለ። በሜሪላንድ እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ደርሶ ሰኞ ገብቷል። ስለዚህ እሑድ ማታ የተሸጠ ቀሚስ በአንደኛው ዘገባ ካለፈው ሳምንት፣ በሌላው ከሚቀጥለው ሳምንት ጋር ይቆጠራል። የአንድ ወር ዘገባ ላይ ይህ እምብዛም አይታይም። ቀን ከቀን ለሚያወዳድር ሰው ግን ሌለ ችግር ያለ ያስመስለዋል። በአናሊቲክስ የሰዓት ቀጠናውን መቀየር ይቻላል፤ የሚያስተካክለው ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን እንጂ ያለፈውን አይደለም።

ጎግል ወደኋላ ተመልሶ ይመዘግባል

አሁን የጎግልን 38 እንይ። ጎግል ማስታወቂያ ሽያጩን የሚመዘግበው ግዢው በተፈጸመበት ቀን ሳይሆን ማስታወቂያው በተጫነበት ቀን ነው። አንዲት ሴት ቅዳሜ ማስታወቂያውን ተጭና ገብታ፣ ቀሚሱን አይታ፣ አስባበት ማክሰኞ ብትገዛ ሽያጩ የሚጻፈው ቅዳሜ ላይ ነው። ካልተቀየረ በቀር ጎግል ከክሊክ በኋላ የሚጠብቀው እስከ 30 ቀን ስለሆነ ያለፈው ሳምንት ቁጥር ሳምንቱ ካለፈም በኋላ ማደጉን ይቀጥላል። አናሊቲክስ ግን ማክሰኞ የተገዛውን ማክሰኞ ይጽፋል።

ይህን ለማወቅ በጎግል ማስታወቂያ ሠንጠረዥ ላይ `Conversions (by conv. time)` የሚለውን ዓምድ መጨመር ይበቃል። እሱ በግዢው ቀን ይቆጥራል። ነጋዴዋ ስትጨምረው 38 የነበረው 33 ሆነ። አምስቱ ሽያጮች በዚያ ሳምንት ተጭነው በሚቀጥለው የተገዙ ናቸው ማለት ነው።

33ና 22 አሁንም አይገናኙም። የቀረው ልዩነት በአብዛኛው የስልት ነው። ገዢዋ ሐሙስ የጎግልን ማስታወቂያ ተጭና፣ ዓርብ በኢንስታግራም ማስታወቂያ ተመልሳ ገብታ ከገዛች ጎግል የሐሙሱን ክሊክ ይዞ ለራሱ ይቆጥራል። ሜታም የዓርቡን ይቆጥራል። ግዢው በየትኛው ጉብኝት እንደተፈጸመ የሚያሳየው የአናሊቲክስ ዘገባ ግን ሽያጩን የሚሰጠው ለአንዱ፣ ለዓርቡ ነው። አንድ ቀሚስ፣ ሦስት ዘገባ፣ ሁለት ባለቤት።

የሜታ 52 ሲፈታ

ሜታ ካልተቀየረ በቀር በተለይ እነዚህን ገዢዎች ለራሱ ይቆጥራል፦ ማስታወቂያውን ተጭኖ በ7 ቀን ውስጥ የገዛውን፣ እንዲሁም ሳይጫነው አይቶት ብቻ በ1 ቀን ውስጥ የገዛውን። ሁለተኛውን አናሊቲክስ ሊያውቀው አይችልም፤ ከፌስቡክ ወደ ድረ ገጹ የመጣ ሰው የለምና። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ማስታወቂያውን አይታ ያለፈች እናት ማታ የሱቁን ስም ጎግል ላይ ጽፋ ብትገዛ ለሜታ ሽያጭ ነው፤ ለአናሊቲክስ ግን ከጎግል ፍለጋ የመጣች ደንበኛ ናት። ሜታ ሁለቱን ለያይቶ የሚያሳይ ማነጻጸሪያ አለው።

ወደዚያ ከመሄዷ በፊት ግን ነጋዴዋ አንድ የብልሽት ምርመራ አደረገች። ሜታ ሽያጭን በሁለት መንገድ ይሰማል፦ በገዢው ስልክ ላይ በሚሠራው ፒክስልና ከሱቁ ሰርቨር በቀጥታ በሚላክ መልእክት። ሁለቱም ስለ አንድ ግዢ ሲናገሩ ሜታ አንድ መሆኑን የሚያውቀው ሁለቱ መልእክቶች አንድ ዓይነት የድርጊት ስምና አንድ ዓይነት `event_id` ሲይዙ ነው። ቁጥሩ ከተለያየ ወይም ከጠፋ አንዱ ግዢ ሁለት ሊሆን ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው። `Events Manager` በሚባለው የሜታ ገጽ ላይ በሳምንቱ የደረሱትንና ሜታ ድርቦቹን ካጣመረ በኋላ የቀሩትን የግዢ መልእክቶች በጠቅላላ፣ ከማስታወቂያ የመጡም ይሁኑ አይሁኑ፣ ከመዝገቡ ጋር ማወዳደር ነው። ይህ ቁጥር ከ80 ሊያንስ ይችላል፤ የተሰረዙ፣ ገንዘባቸው የተመለሰና የሙከራ ግዢዎች ከሌሉበት ግን ሊበልጥ አይገባም። ነጋዴዋ ያገኘችው 90 ነው። ድርብ ቆጠራ አለ ማለት ነው።

ባለሙያዋ `event_id`ን የትእዛዙ ቁጥር እንዲሆን አስተካከለችላት። ከሜታ 52 ውስጥ 6ቱ ድርብ ሆነው ተገኙ፤ ቀሪው 46 ነው። ከ46ቱ 14ቱ አይተው ብቻ የገዙ፣ 32ቱ ተጭነው የገዙ ናቸው። ከአናሊቲክስ 24 ጋር የሚወዳደረው ይህ 32 ነው። በመካከል የቀሩት 8ቱ ምን ሆኑ? የተለመደው ምክንያት ፌስቡክ ማስታወቂያውን የሚከፍተው በራሱ መተግበሪያ ውስጥ መሆኑ ነው። ሰውየው እዚያ አይቶ በኋላ በሳፋሪ ወይም በኮምፒውተር ከፍቶ ከገዛ አናሊቲክስ አዲስ ሰው የመጣ ይመስለዋል፤ በቀጥታ እንደገባም ይመዘግበዋል። ሜታ ግን በፌስቡክ ሒሳቡ ሊያውቀው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። አፕል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በአይኦኤስ 14.5 መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን ለመከታተል ፈቃድ እንዲጠይቁ ካስገደደ ወዲህ ሜታ የማያየውን ክፍል በግምት ይሞላል። ስለዚህ ከ46ቱ እያንዳንዱን ከመዝገቡ ላይ በስም ለማግኘት መሞከር ድካም ብቻ ነው።

አናሊቲክስስ ለምን 10 አጎደለ?

ይህኛውን ግን በስም መፈለግ ይቻላል። እያንዳንዱ ግዢ ወደ አናሊቲክስ ሲላክ `transaction_id` የሚባል የትእዛዝ ቁጥር ይይዛል። ነጋዴዋ ያንን ዝርዝር አውጥታ ከመዝገቧ ጋር አስተያየች፤ የጎደሉትን 10 ትእዛዞች ለየች። ከዚያ የሚጠየቀው የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው የሚል ነው። የጎደሉት በስልክም በኮምፒውተርም፣ በየቀኑም የተበታተኑ ከሆኑ ምክንያቱ ማስታወቂያ ማገጃ ወይም ኩኪ አልፈቅድም ያለ ደንበኛ ነው፤ ከዚህ ጋር መኖር ነው። በአንድ ነገር ላይ ከተከማቹ ግን ብልሽት ነው።

ከ10ሩ 7ቱ የተከፈሉት በፔይፓል ነበር። ደንበኞቹ ፔይፓል ገጽ ላይ ከፍለው ወደ ሱቁ የምስጋና ገጽ ሳይመለሱ ዘግተውታል፤ ሽያጩን የሚቆጥረው ኮድ ያለው ደግሞ እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነው። መፍትሔው ፔይፓል ከክፍያ በኋላ ደንበኛውን በራሱ እንዲመልስ ማስተካከል፣ ወይም ሽያጩን ከሰርቨር መላክ ነው።

ገንዘቡ የት ይግባ?

ይህ ሁሉ ድካም የሚጠቅመው በጀት ሲወሰን ነው። ነጋዴዋ በሳምንቱ ለሜታ 900 ዶላር፣ ለጎግል 600 ዶላር ከፍላለች። ከአንድ ቀሚስ ከማስታወቂያ በፊት የሚተርፋት 30 ዶላር ነው። በተስተካከለው የሜታ ቆጠራ አንድ ሽያጭ ወደ 20 ዶላር ፈጅቷል፤ አትራፊ ነው። በአናሊቲክስ ቆጠራ ግን 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይመጣል፤ ኪሳራ ነው። እውነቱ ከሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሜታ ሳይታወቅም የሚገዙትን ለራሱ ይጨምራል፤ አናሊቲክስ ደግሞ አይተው በሌላ መንገድ የመጡትን ይነሳዋል።

ሳያወላዳ የምታውቀው አንድ ቁጥር አለ፦ ጠቅላላ የማስታወቂያ ወጪ ለጠቅላላ ትእዛዝ ሲካፈል፣ 1,500 ለ80፣ ማለትም 18 ዶላር ከ75 ሳንቲም። የሜታን ድርሻ ለይታ ለማወቅ ደግሞ ከዘገባ ይልቅ ሙከራ ይሻላል። በጥቂት ስቴቶች የሜታን ማስታወቂያ ለተወሰኑ ሳምንታት አጥፍታ በቀሩት ትተወዋለች፤ ከዚያ በሁለቱ ወገን የጠቅላላ ትእዛዝ ለውጥን ታወዳድራለች። በሳምንት 80 ትእዛዝ ላለው ሱቅ ግን የሁለት ሳምንት ሙከራ ከአጋጣሚ መዋዠቅ አይለይም፤ ረዘም ማድረግና የበዓል ሰሞንን መሸሽ ግድ ነው።

በመጨረሻ ለአንባቢ የምንለው ይህን ነው። በየሳምንቱ የመዝገቡን፣ የሜታን፣ የጎግልንና የአናሊቲክስን ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ይጻፉ። ልዩነት መኖሩ አያስደንግጥዎ፤ ልዩነቱ በድንገት ሲቀየር ግን ያኔውኑ ምክንያቱን ይፈልጉ። ማስታወቂያ የሚሠራልዎ ድርጅት የሜታን ወይም የጎግልን ዘገባ ብቻ ይዞ ከመጣም፣ ክፍያውን ከመጨመርዎ በፊት ከትእዛዝ መዝገብዎ ጋር አስተያይቶ እንዲያቀርብ ይጠይቁት።