ያለፈው ወር ቁጥር ለምን ተቀየረ?

ሚያዝያ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የቻይናዋ ዉሃን ከተማ በኮሮና የሞቱባትን ሰዎች ቁጥር ከ2,579 ወደ 3,869 አሻሻለች። የተጨመሩት 1,290 ሰዎች በዚያ ቀን የሞቱ አልነበሩም። ሆስፒታሎች በተጨናነቁበት ወቅት ቤታቸው ሆነው ያረፉ፣ ሪፖርታቸው የዘገየ ወይም ሳይመዘገብ የቀረ ናቸው።

ብዙ ዳሽቦርዶች ግን የዕለቱን ሞት የሚያሰሉት ከዛሬው ድምር የትናንቱን በመቀነስ ነው። ስለዚህ ጭማሪው በሙሉ በአንድ ቀን ላይ አረፈ፤ ግራፉም ወረርሽኙ ያገረሸ አስመሰለ። ድንገት የዘለለ ቁጥር በማግስቱ ወደ ቦታው ሲመለስ እርማት ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ያስፈልጋል።

ጥርጣሬውን የሚያጠራው ከግራፉ ሥር የሚቀመጥ አጭር የግርጌ ማስታወሻ ነው። ለምሳሌ፦ «የዉሃን ከተማ ሚያዝያ 9 ባደረገችው እርማት ድምሩ ከ2,579 ወደ 3,869 ተቀይሯል፤ ጭማሪው ያለፉትን ሳምንታት ሞት ይመለከታል።»

«ቁጥሩ ተከልሷል» ብቻ ማለት አይበቃም። አሮጌውን አሃዝ ቀድሞ የጻፈ ሰው ማን እንዳረመው፣ መቼና ለየትኛው ጊዜ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ምንጩ ሞቱን በየቀኑ ከፋፍሎ ከሰጠ ደግሞ ያለፈው ወር ራሱ ይታረማል፤ የቀድሞው ቁጥርም በማስታወሻው ውስጥ ይቆያል።