የከሰሉ ዕድሜ እና የሚገለበጠው ምልክት

በቁፋሮ የተገኘ የጥንት ምድጃ ከሰል ለተመራማሪዎች ትልቅ ሀብት ነው፤ ዕድሜው ከውስጡ ይነበባልና። ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየር ካርቦን-14 የሚባለውን ሬዲዮአክቲቭ ካርቦን ያለማቋረጥ ይወስዳል። ከሞተ በኋላ ግን የጎደለውን የሚተካለት የለም፤ ያለው ካርቦን-14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን የዕድሜ መለኪያ ዘዴ ያስገኘው አሜሪካዊው ኬሚስት ዊላርድ ሊቢ በ1960 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል።

ስሌቱ ሲታይ ቀላል ነው። ካርቦኑ አንድ ጊዜ ሲገመስ 1/2፣ ሁለት ጊዜ ሲገመስ 1/4፣ ሦስት ጊዜ ሲገመስ 1/8 ይቀራል። n ጊዜ ከተገመሰ የሚቀረው ድርሻ (1/2)ⁿ ነው። እዚህ ላይ 1/2 መሠረት፣ n ደግሞ አርቢ ይባላል። ዕድሜውን ለማግኘት n ን በ5,730 ማባዛት ነው።

አሁን ላቦራቶሪው “በከሰሉ ውስጥ የቀረው ከመጀመሪያው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው” አለን እንበል። በሒሳብ ቋንቋ ይህ ያለእኩልነት ነው፦

(1/2)ⁿ < 0.01

ስድስት ጊዜ ሲገመስ 1/64 ይቀራል፤ ይህም 1.56 በመቶ ገደማ ስለሆነ ገና ከ1 በመቶ በላይ ነው። ሰባት ጊዜ ሲገመስ 1/128 ይቀራል፤ 0.78 በመቶ ገደማ ነውና ከ1 በመቶ በታች ወርዷል። ወሰኑ በስድስትና በሰባት መካከል ነው ማለት ነው፤ በካልኩሌተር ሲሠራ 6.64 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ n > 6.64 ሲሆን፣ ከሰሉ ከ38,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ምልክቱን ልብ ይበሉ። የተነሣነው “ያንሳል” ብለን ነበር፤ የደረስነው ግን “ይበልጣል” ላይ ነው። ምክንያቱ መሠረቱ ነው። መሠረቱ ከ1 ሲበልጥ፣ ለምሳሌ 2 ሲሆን፣ አርቢው ባደገ ቁጥር ውጤቱም ያድጋል፦ 2³ = 8፣ 2⁵ = 32። ትልቁ ውጤት የትልቁ አርቢ ስለሆነ ምልክቱ እንዳለ ይቀጥላል። መሠረቱ በ0 እና በ1 መካከል ሲሆን ግን አርቢው ባደገ ቁጥር ውጤቱ ይቀንሳል፦ (1/2)³ = 1/8፣ (1/2)⁵ = 1/32። እዚህ ትንሹ ውጤት የትልቁ አርቢ ነው፤ ከውጤት ወደ አርቢ ስንሻገር ምልክቱ ይገለበጣል። በከሰሉ ቋንቋ ሲነገር፣ የቀረው ካርቦን ባነሰ ቁጥር ያለፈው ዘመን ይረዝማል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ስሌቱን በሌላ መንገድ ሲሠሩ ነው። በሁለቱም ወገን መሠረቱ 10 የሆነውን ሎጋሪዝም ይወስዱና n × log 0.5 < −2 ላይ ይደርሳሉ። 10 ከ1 ስለሚበልጥ እስከዚህ ምልክቱ አለመነካቱ ትክክል ነው። ቀጥለው ሁለቱንም ወገን ለlog 0.5 ሲያካፍሉ ግን ስህተቱ ይገባል። log 0.5 ሲጻፍ የመቀነስ ምልክት አይታይበትም፤ ዋጋው ግን −0.301 ገደማ ነው። በኔጌቲቭ ቁጥር ሲካፈል ምልክቱ መገልበጥ አለበት፤ ያን የረሳ ሰው n < 6.64 ብሎ ይጨርሳል። መልሱን ለመፈተን n በ0 ይተካ። ገና ዛሬ የተቆረጠ ዛፍ ካርቦኑ ሙሉ ነው፤ (1/2)⁰ = 1 ነውና። 1 ደግሞ ከ0.01 አያንስም፤ ስለዚህ 0 ን የሚያካትት መልስ ሊሆን አይችልም። ሁለቱ መንገዶች የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ መሠረቱ ከ1 ሲያንስ ሎጋሪዝሙ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ መገልበጡም ከዚያ ይመጣል።

ጥያቄው በሎጋሪዝም ሲመጣ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። የቀረውን ድርሻ r ብንለው፣ n በመሠረት 1/2 የ r ሎጋሪዝም ነው። አንድ ተመራማሪ “ከሰሉ ከ10,000 ዓመት ይበልጣል” ቢል n > 1.745 ማለቱ ነው። መሠረቱ ከ1 ስለሚያንስ ምልክቱ ይገለበጥና r < 0.298 ይሆናል። መልሱ ግን እዚህ አያልቅም። ሎጋሪዝም ያለው ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ሙሉው መልስ 0 < r < 0.298 ነው።

ይህ ግራ በኩል የቆመ ዜሮ ለፈተና ማርክ ብቻ የሚጻፍ ሊመስል ይችላል፤ በላቦራቶሪ ውስጥ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። መሣሪያው ምንም ካርቦን-14 በሌለበት ናሙና ላይ እንኳ ጥቂት ይቆጥራል። ያ ትርፍ ቆጠራ ከውጤቱ ይቀነሳል። ናሙናው እጅግ ያረጀ ከሆነ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ዜሮ፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይሆናል። የዚህ ሎጋሪዝም የለም፤ የሚጻፍ ዕድሜም የለም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ አንድ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ “ከዚህ ዕድሜ በላይ ነው” ብለው ያለእኩልነት ይጽፋሉ። ዘዴው 50,000 ዓመት አካባቢ ሲደርስ የሚያበቃው ለዚህ ነው።

ብክለትም በዚሁ ሕግ ይመዘናል። በጣም ያረጀ ከሰል የዛፍ ሥር ገብቶበት ከካርቦኑ 1 በመቶው አዲስ ቢሆን፣ r ከ0.01 አያንስም። (1/2)ⁿ ≥ 0.01 ሲገለበጥ n ≤ 6.64 ይሆናል። ከሰሉ የ100,000 ዓመትም ይሁን የሚሊዮን፣ በስሌቱ ከ38,000 ዓመት ገደማ አያልፍም። ናሙና ከመለካቱ በፊት በአሲድና በአልካላይ የሚታጠበው ይህን ለማስወገድ ነው።

በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ይህ ለካርቦን-14 ከ550 ጊዜ በላይ መገመስ ነው። አንድ ግራም አዲስ ካርቦን ወደ 60 ቢሊዮን የካርቦን-14 አተሞች ይይዛል፤ 36 ጊዜ ሲገመስ በአማካይ አንድ አተም እንኳ አይተርፍም። ስለዚህ ዘመኗ የተለካው በአካባቢው ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 በከፊል ወደ አርጎን ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የተጠራቀመው አርጎን ምን ያህል ፖታሲየም እንደከሰመ ስለሚናገር፣ የመጀመሪያውን መጠን አሁን ለቀረው ማካፈል ይቻላል። ያ ውድር 2ⁿ ነው።

እዚህ መሠረቱ 2 ስለሆነ ምልክቱ አይገለበጥም፤ ውድሩ ከተወሰነ ቁጥር ከበለጠ ዕድሜውም ከተወሰነ ዘመን ይበልጣል። በካርቦን የምንለካው የሚያልቀውን ስለሆነ “ያንሳል” ወደ “ይበልጣል” ይዞራል፤ በአርጎን የምንለካው የሚጠራቀመውን ስለሆነ “ይበልጣል” እንዳለ ይቀራል። ምልክቱን ከመጻፍ በፊት መሠረቱ ከ1 በላይ ይሁን በታች ማየት ማለት፣ የሚለካው ነገር ከዘመን ጋር ያድግ ወይም ይቀንስ እንደሆነ መጠየቅ ነው።