75 ወይስ 15?

የብረት ጠብታ ብልቃጥ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ይነበባሉ፤ በ1 ሚሊ ሊትር 75 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት እና 15 ሚሊ ግራም ብረት። ሰባ አምስቱ የጨው ክብደት ነው። ለልጁ ደም የሚያስፈልገው በውስጡ ያለው ንጹሕ ብረት፣ ማለትም አንድ አምስተኛው ብቻ ነው።

በብረት እጥረት ደም ያነሰው 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እንውሰድ። የተለመደው የሕክምና መጠን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 3 ሚሊ ግራም ንጹሕ ብረት ስለሆነ፣ የዚህ ልጅ ድርሻ 30 ነው፤ ከዚህ ጠብታ 2 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ወላጅ ሠላሳውን ከ75 ጋር ካሰላው ግን 0.4 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ልጁ 6 ሚሊ ግራም ብቻ ያገኛል፤ ከሳምንታት በኋላም «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ሽሮፕና ጠብታም መጠናቸው ስለሚለያይ፣ ብልቃጥ ሲቀየር ስሌቱ እንደገና ይሠራል። መለኪያውም ሲሪንጅ እንጂ የሻይ ማንኪያ አይደለም።

ብረት ሲወሰድ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም አንጀት ቀጥሎ የሚመጣውን ብረት እንዳይቀበል ይገታዋል። ስለዚህ በቀን አንዴ መስጠት በቂ ነው፤ ከወተትና ከሻይ ሁለት ሰዓት ያህል ማራቅ ይረዳል። የተረሳ መጠን በማግስቱ በእጥፍ አይካካስም።

ሰገራው ቢጠቁር አያስደነግጥም። ከአንድ ወር በኋላ ሄሞግሎቢን በ1 ግራም በዴሲ ሊትር ካልጨመረ ግን ሐኪሙ አወሳሰዱንም ምርመራውንም እንደገና ያያል። ከጨመረ ደግሞ የተሟጠጠው ክምችት እስኪሞላ መድኃኒቱ ለወራት ይቀጥላል። ብልቃጡ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ጣፋጩን ሽሮፕ በአንዴ የጠጣ ሕፃን ደህና ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል መወሰድ አለበት።