ነጭ ነጠላ፣ ሁለት ብርሃን

ፎቶ ቤቶች የሚያውቁት ጥያቄ ነው። ያረፉት እናት አንድ ደህና ፎቶ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም ሳሎን ተቀምጠው በጥቁር ሹራብ የተነሡት። ልጆቹ «ሀበሻ ቀሚስና ነጠላ አልብስልን» ይላሉ። ኤዲተሩ ከሌላ ፎቶ ቀሚስ ቆርጦ ያመጣና አንገቱንና ትከሻውን አስተካክሎ ያገጥማል። ጠርዙ ላይ ምንም እንከን የለም። ያም ሆኖ ያየ ሁሉ «የተለጠፈ ይመስላል» ይላል፤ ለምን ቢባል ግን መልስ የለውም።

መልሱ ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው። በፎቶው ግራ በኩል መስኮት አለ፤ ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ጣሪያው ላይ አምፖል በርቷል። ሁለቱም «ነጭ» ብርሃን ይባላሉ እንጂ ቀለማቸው አንድ አይደለም። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያም ነጭ እየሆነ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን ብርሃኑ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሻማ ነበልባል 1900 ኬልቪን ገደማ፣ የተለመደው ቢጫ የቤት አምፖል 2700 ገደማ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት የሚሰጠው የሰማይ ብርሃን ግን ከ6500 በላይ ሊወጣ ይችላል። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ልዩነት እምብዛም አያስተውለውም፤ ዓይንና አእምሮ ወዲያው ስለሚለምዱት ነጩን ነጭ ብለው ያልፉታል። ካሜራ ግን ለመላው ፎቶ አንድ ማካካሻ ብቻ ይመርጣል። ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ስለሚቆም የመስኮቱ ወገን ሰማያዊ፣ የአምፖሉ ወገን ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ነጭ ቀሚስ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ነጭ ሊኖረው አይችልም። አብዛኛው ኤዲተር የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቀሚሱን በሙሉ «ትንሽ ሞቅ» አድርጎ ይተወዋል። የእናትየዋ ፊት ላይ ሁለት ቀለም አለ፣ ቀሚሱ ላይ አንድ። ተመልካቹ ስም ሳይሰጠው የሚያየው ይህንን ነው።

ሹራቡን ከማጥፋትህ በፊት ግን ጠይቀው። የሚወገደው ልብስ ስለ ብርሃኑ አቅጣጫ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው፤ የትኛው የእጅጌ እጥፋት እንደበራ፣ የትኛው እንደጨለመ ያሳያል። ቀጥሎ ዓይኗን አጉላ። የብሌኑ ፊት እንደ ኮንቬክስ መስታወት ስለሆነ መስኮቱ እዚያ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፣ አምፖሉ ደግሞ ነጥብ ሆኖ። ነጥቡ ከብሌኑ መሐል ትንሽ እንኳ ቢርቅ ብርሃኑ በጣም ከጎን ነው ማለት ነው፤ ምክንያቱም ገጹ ወደ ጎን ባዘነበለ ቁጥር የብርሃኑ ምንጭ ከካሜራው የሚርቅበት ማዕዘን በእጥፍ ያድጋል። በዚሁ ሕግ ተጠቅመው ማይካ ጆንሰንና ሃኒ ፋሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከተለያየ ቦታ ተቆርጠው አንድ ፎቶ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎችን በዓይናቸው ነጸብራቅ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ቀለሙን ለማወቅ ግን ጥቁር ሹራብ አይረዳም። የዓይን ነጭም አያስተማምንም፣ የደም ሥር ያቀላዋል። ግድግዳውም የምን ቀለም እንደተቀባ አናውቅም። ጠረጴዛው ላይ ግን ሲኒ አለ። ነጭ ነው፤ ክብ ስለሆነም አንዱ ጎኑ መስኮቱን፣ ሌላው ጎኑ አምፖሉን ያያል። የሚያብለጨልጨውን ነጥብና ጌጡን ትተህ ነጩን ገላ ለካ። በአምፖሉ በኩል ቀይ 230፣ አረንጓዴ 204፣ ሰማያዊ 168 አገኘን እንበል፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ 214፣ 222፣ 236። ስቱዲዮ የተነሳው አዲሱ ቀሚስ ደማቁ ቦታ ላይ በሦስቱም 230 ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ማካፈል ብቻ ነው። 204 ለ230 ሲካፈል 0.887፣ 168 ለ230 ሲካፈል 0.73 ይሆናል፤ ሁለቱ በ255 ሲባዙ 226 እና 186 ይመጣሉ። ስለዚህ 255፣ 226፣ 186 የሆነ ቀለም በቀሚሱ ላይ በአዲስ ሌየር ሞልተህ Multiply ላይ ብታደርገው፣ የቀሚሱ ነጭ የሲኒው የአምፖል ወገን ነጭ ይሆናል። በመስኮቱ በኩል ሰማያዊው 236 ከቀሚሱ 230 ስለሚበልጥ ሦስቱን ቁጥሮች በ236 አካፍለህ በ255 ስታባዛ 231፣ 240፣ 255 ይመጣል፤ Multiply ሁልጊዜ ስለሚያጨልም ብርሃኑን በCurves ጥቂት ከፍ ታደርገዋለህ። እዚህ ላይ የኬልቪን ቁጥር መገመት አያስፈልግም፤ ከተቀመጠ ፎቶ ላይ በትክክል አይገኝምም። ከዚያው ክፍል የተገኘ ነጭ ይበቃል።

አሁን ሁለት ሌየር አለህ። የት የት ይታዩ? ቀላሉ መንገድ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚለወጥ ማስክ መሥራት ነው፤ አትሥራው። ብርሃን ጨርቅን የሚያገኘው በቦታው ብቻ ሳይሆን ፊቱን ባዞረበትም ነው። የነጠላው አንድ እጥፋት ሁለት ጉንጭ አለው፤ ወደ መስኮቱ የዞረው ሰማያዊ ይነካዋል፣ ጣት የማይሞላ ርቀት ላይ ያለው ሌላው ጉንጭ ደግሞ ቢጫውን ይወስዳል። አምፖሉ ከላይ ስለሆነ የትከሻው አናት፣ የክንዱ ላይኛ ገጽና የጭኗ ላይ ጨርቅ ብርቱካናማ ይሆናሉ፤ በግራ በኩል ቀጥ ብለው የሚወርዱት እጥፋቶች ሰማያዊ። ስለዚህ ማስኩ በብሩሽ፣ እጥፋት በእጥፋት ይቀባል። የብርሃን አቅጣጫና የቀለም ሙቀት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች የሚመስሉት መጽሐፍ ላይ ነው፤ ጨርቁ ላይ አንድ ናቸው።

ጥላም እንዲሁ ነው። አምፖሉ የተከለለበትን ቦታ መስኮቱ ስለሚሞላው የአምፖሉ ጥላ ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊ ይሆናል፤ የመስኮቱ ጥላ ቢጫ። አገጯ በነጠላው ላይ የሚጥለው ጥላ በፊት ሹራቡ ላይ ነበረና ከሹራቡ ጋር ጠፍቷል፤ እንደገና መሠራት አለበት፣ ያም በጥቁር ብሩሽ አይደለም። ጠርዙንም ተመልከት፦ መስኮት ሰፊ ስለሆነ የጥላው ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ አምፖል ግን ቁርጥ ያለ ጠርዝ ይሰጣል።

የሠራኸውን ለመፈተሽ መጀመሪያ ፎቶውን ለጊዜው ጥቁርና ነጭ አድርገው፤ የቀለሙ ማዘናጊያ ሲነሳ በተሳሳተ ወገን የበራ እጥፋት ፈጦ ይወጣል። ቀጥሎ ወደ ቀለም መልሰህ Saturation እስከ ጥግ ግፋው። የፊቷ ግራ ሰማያዊ፣ ቀኙ ብርቱካናማ ሆኖ ሳለ ቀሚሱ ወጥ ሮዝ ወይም ግራጫ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

በብሩሽ የማይድን ነገርም አለ። ቀሚሱ ሲነሳ ኃይለኛ መብራት በቀኝ ከነበረ እያንዳንዱ እጥፋት የተሳሳተውን ጥላ ይዞ ይመጣል፤ ጥላውን ከማጥፋት ቀሚሱን መጣሉ ይቀላል። ግራና ቀኙን መገልበጥ አንዳንዴ ያወጣል፣ በወንድ ኮት ግን ያጋልጣል፤ የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ቁልፉም በሴት ልብስ ወገን ይዘጋል። ስለዚህ የሚቆረጥ ልብስ ሲፈለግ በደመናማ ቀን ወይም ጥላ ቦታ የተነሳ፣ ጥላው የሳሳ ይመረጣል፤ ጥላ መጨመር ይቻላል፣ መቀነስ ግን ከባድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ቤተሰቡ ቀሚሱን ራሱን እንዲያመጣ መጠየቅ ነው። ቁመናዋ የሚቀርብ ሰው ይልበሰው፣ መስኮት በግራ፣ 2700 ኬልቪን አምፖል ከላይ በቀኝ አድርገህ፣ ካሜራውንም በእናትየዋ ፎቶ ከፍታ ላይ አቁመህ አንሳው። አውቶማቲኩን የነጭ ማስተካከያ ግን አጥፋው፤ ካልሆነ ካሜራው ነጩን ቀሚስ አይቶ ቀለሙን በራሱ ይለውጥብሃል።